«ድንኳኑ»፦ አጭር ልቦለድ ጽፌያለሁ፣ አስተያየት ስጡኝ

የምናለሽ ጎረቤት

ሰላም ቤቶች። ይህን ታሪክ ስጽፍና ስሰርዝ ሁለት ወር ሞላኝ። መርካቶን አውቀዋለሁ፣ ሬዲዮ ግን ከማዳመጥ አልፌ አላውቅም። የተሳሳትኩት ካለ ንገሩኝ፣ አትራሩልኝ።

---

ምናለሽ ተራ ውስጥ የጋሽ ሽኩር ቦታ ከሱቅ ያነሰች፣ ከሳጥን የሰፋች ናት። ላይዋ ቆርቆሮ፣ ጎኗ ሸራ። ገመድ አለ፣ ሶኬት አለ፣ ቁልፉ የተበላ ሪሞት አለ። አሮጌ ሬዲዮ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ጓዳ የገባ ብዙ ጊዜ አይወጣም። ይፈታና ዕቃው ለየብቻ ይሸጣል።

ልጅቷ የመጣችው አመሻሽ ላይ ነው። ቸኩላለች።

«ጋሼ፣ ጠፍጣፋ ሶኬት ወደ ክብ የሚቀይር አለዎት?»

ነበራቸው። ከካርቶን ውስጥ አወጡና ሰጧት። ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ለወጉ ያህል «ለምንሽ ነው?» አሏት።

«ለአባባ ሬዲዮ። ጉለሌ ያለውን ቤት ልናስረክብ ነው። ወንድሜ ዕቃ እያወጣ ነው። ቆራሌው 300 ብር ብሎታል፣ ከሠራ ይጨምርልናል ብለን ነው።»

ስልኳን ዘረጋችላቸው። ወንድሟ በቴሌግራም የላከው ፎቶ ነው። ክፍሉ ጨለማ፣ የያዘው እጅ የተንቀጠቀጠ። እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው ጥቁር ሳጥን ይታያል፣ ክዳኑ ወደ ላይ ተነስቷል። መሀሉ ላይ ጨርቅ አለ። ጨርቁ ላይ ነጭ እድፍ የመሰለ ነገር። ጥርት ብሎ የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፊት ለፊት የወደቀው የገመዱ ጫፍ። ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ።

ጋሽ ሽኩር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አወጡ። ለቅርብ የሚያዩት ያለ መነጽር ነው።

«ይሄ ነጩ ምንድነው?»

«ሻጋታ ይሆናል። አይ፣ ቆይ። ልጆች ሆነን ድንኳኑ እንለው ነበር። ሬዲዮውን ራሱን ድንኳኑ ነበር የምንለው። ‹ድንኳኑን ክፈቱት› ይል ነበር አባባ። አምፖሎቹ እስኪሞቁ ቡና ይፈላል። ከዚያ ብሥራተ ወንጌል ይመጣል።»

ሽማግሌው ምንም አላሉም። ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉት፣ ባሰበት። መልሰው አጠበቡት። ከዚያ ስልኩን ከራሳቸው አርቀው ያዙ።

በደርግ መጨረሻ እንዲህ ያለ ሻንጣ አንድ ወታደር አምጥቶ ሸጦላቸው ነበር። ዜኒት ይላል። ጨርቁ ላይ የተሳለው አውሮፕላን ነበር። ጥርሱን በፒንሳ ቆርጠው፣ ሽቦውን ልጠው ግድግዳው ውስጥ ወሸቁት። ጓ ብሎ ፈነዳ። ፈትተው ድምጽ ማጉያውን ሸጡት፣ ሳጥኑን ዶሮ ተኛበት። ከዓመታት በኋላ አንድ ፈረንጅ አሮጌ ሬዲዮ ፍለጋ ሲዞር ያን ሳጥን አየ። ተቀመጠ። ውሃ ጠየቀ። አስተርጓሚው እንዳለው ይህ ሬዲዮ አሜሪካ ጦርነት እንደገባች የወጣ ነው። አብዛኛው አውሮፕላን አለበት። መጀመሪያ የወጡት ጥቂቶቹ ግን መርከብ አለባቸው፤ በነፋስ የምትሄድ፣ ሸራ የወጠረች። ፈረንጁ በካርቶን ላይ ሥሎ ሰጣቸው።

አውሮፕላን ክንፉ ወደ ጎን ነው፤ ወርዱ ይበልጣል። ይሄ ነጭ ነገር ግን ቆሟል፤ ቁመቱ ይበልጣል። ብዥታ መስመር ያጠፋል። ቁመትና ወርድ አያጠፋም።

«ከሥሩ የሚቀመጥ ከባድ ነገር ነበረው? ብረት?»

«ነበረው! ጡብ የሚያህል። ማንሳት አቅቶን ነበር። እሱን ባለፈው ሳምንት ለቆራሌው ሸጥነው። በኪሎ።»

«ወንድምሽ ጋ ደውዪ።»

«ምነው ጋሼ?»

300 ብር። 500 ቢሏት ደስ ብሏት ነው የምትሄደው። ነገ ጠዋት ራሳቸው ሄደው ሊያነሱት ይችላሉ። ይሄን ሁሉ አሰቡት፣ አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ። ሶኬቱን ከእጇ ወሰዱና ካርቶኑ ውስጥ መልሰው ወረወሩት።

«እንዳይሰካው በይው። ደውዪ።»

ስልኩን ስትከፍት መልእክት ቀድሟታል። «ሶኬቱን ተይው፣ ቆርጬ ሽቦውን በቀጥታ ልሞክረው ነው።» ከደረሰ 4 ደቂቃ።

ደወለች። ይጠራል። ጋሽ ሽኩር ሸራውን ይዘው ቆሙ።

ይጠራል።

---

አንባቢ ብቻ

ወድጄዋለሁ። «ብዥታ መስመር ያጠፋል» የምትለዋ ላይ ቆሜ ፎቶዎቼን ማየት ጀመርኩ። ፈረንጁ ግን ይውጣልኝ። ሁሉም ታሪካችን ውስጥ የሚያውቀው ፈረንጅ ነው። ሽማግሌው በራሳቸው ዓይን ቢያውቁት ምን ነበረበት?

ብየዳ ጭስ

ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ 31 ዓመት ሆነኝ። ታሪኩ ጥሩ ነው። ሁለት ቦታ ግን ባለሙያ ያነበበው ይስቃል።

አንደኛ፣ አምፖሎቹ እስኪሞቁ ቡና አይፈላም። ያ ፊሊፕስ ወይ ግሩንዲክ ነው። እነሱ ውስጥ ያለው አምፖል በሥሩ ማሞቂያ አለው፤ ግማሽ ደቂቃ ያስጠብቅሃል። ዜኒቱ በባትሪም እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ አምፖሎቹ ሌላ ዘር ናቸው። ክሩ ራሱ ነው የሚሠራው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። ቁልፉን ስታዞር ቶሎ ያወራል። ክሩ ቀን ላይ መብራቱ እንኳ አይታይህም።

ሁለተኛ፣ «ጓ ብሎ ፈነዳ» ያልከው። 220 ውስጥ ብትሰካው አይፈነዳም። ትራንስፎርመር የለውም፤ ለአሜሪካ 110 ነው የተሠራው። ክሮቹ እንደ ገና ዛፍ መብራት በአንድ መስመር ተያይዘዋል። እጥፍ ቮልት ሲመጣ አንዷ ቦግ ትላለች፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ ሁሉም ይሞታል። ድምፅ የለም። ሰውየው የሚሰማው ዝምታ ነው። ሽታው ከመጣም ቆይቶ ነው የሚመጣው። ለታሪክህም ይሄ የሚሻል ይመስለኛል።

ጡቡን ግን አጥብቀህ ያዝ። አባትየው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነበራቸው ማለት ነው። ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ ለቆራሌው የሚሄደው እሱ ነው፤ መዳብ ስላለው ይመዝናል። ገመዱ ጫፍ ያለው ጠፍጣፋ ጥርስ ደግሞ ይጠበቅ። ሶኬት መቀየሪያ የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። በዚህ የሞተ ስንት ሬዲዮ ጠረጴዛዬ ላይ አይቻለሁ።

የምናለሽ ጎረቤት

@ብየዳ ጭስ እጅ ነስቻለሁ። ቡናው የእኛ ቤት ፊሊፕስ ትዝታ ነው፤ ሳላውቅ ገባ። ፍንዳታውን አውጥቼዋለሁ። ፈረንጁ ላይ ገና አልወሰንኩም።

ዕድለኛ77

ወንድሞች ይሄ ሬዲዮ ቀይ ሜርኩሪ ያለበት ነው? አንድ ሰው አሮጌ ሬዲዮ በሚሊዮን እንደሚገዛ ነግሮኝ ነበር። ልጅቷ ስልኳን አስቀምጡልኝ።

ሰብለ ከሜሪላንድ

ልጅቷ የለችም። ልቦለድ ነው ☺️

ብየዳ ጭስ

@ዕድለኛ77 ሬዲዮ ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል የለም፣ አልነበረም። በዚህ ወሬ ስንቱ የአያቱን ሬዲዮ በመዶሻ ሰበረ። አምፖሉ ውስጥ የምታየው መስታወት የመሰለ ብርማ ቅባት አየር የሚመጥ ቀለም ነው። እሱን አይተው ነው ሜርኩሪ የሚሉት። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ብርማው ወደ ነጭ ዱቄት ከተለወጠ አምፖሉ አየር ገብቶበታል፣ አልቋል። ሰው ፎቶ ሲልክልኝ መጀመሪያ የማየው ያንን ነው።

የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ

ታሪኩ ጥሩ ነው ግን አመጣጡ አልተብራራም። እኔ የማውቀው እነዚህን ሬዲዮዎች የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ከኮሪያ ሲመለሱ ነው ያመጧቸው። አያቴ ያመጣው «የ42 ሬዲዮ» ነው ይባል ነበር። ስለዚህ አባትየውን ዘማች ብታደርጋቸው ጥሩ ነው።

ሰብለ ከሜሪላንድ

@የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ ዘማቾች ሬዲዮ ይዘው መጥተው ይሆናል፣ በእሱ አልከራከርም። «42» ግን የማን 42 ነው? መርከቧ ያለችበት ሬዲዮ ጥር 1942 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የወጣው። በእኛ 1934 መሆኑ ነው፤ ንጉሡ ከስደት ከተመለሱ ዓመት እንኳ አልሞላም። በእኛ 1942 ብትል ደግሞ ፈረንጅ 1949 መጨረሻና 1950 ላይ ነው፤ የኮሪያ ጦርነት ገና መጀመሩ ነው። ቃኘው የሄደው ፈረንጅ 1951 ላይ፣ በእኛ 43 ነው። ስለዚህ የአያትህ ሬዲዮ በሁለቱም 42 ከኮሪያ ሊመጣ አይችልም። ወይ ዓመቱ ወይ አገሩ ተሳስቷል።

የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ

ቆይ እናቴን ልጠይቅ።

ሰብለ ከሜሪላንድ

ስለ መርከቧ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ከሰብሳቢዎች ስለምሰማ። የዜኒት ኩባንያ ባለቤት ጀልባ ወዳድ ነበር። ውሃ ላይ ሆኖ ሩቅ ጣቢያ የሚይዝለት ሬዲዮ ፈለገ። መርከቧ ለዚያ ናት። ግን ሬዲዮው ገበያ ሲወጣ ፐርል ሃርበር ከተመታ ወር አልፎታል። የመዝናኛ ጀልባ ያኔ የሚያምር ነገር አልነበረም፤ ቶሎ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ቀየሯት። ከዚያ በሚያዝያ 1942 መንግሥት ለሲቪል ሬዲዮ መሥራትን ከለከለ። ዋጋው 75 ዶላር ነበር፣ ያኔ ትልቅ ገንዘብ። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት የጥቂት ወራት ሥራ ነው፣ መርከቧ ደግሞ የጥቂቱ ጥቂት።

አመጣጡን ከፈለግህ ደግሞ፣ በዚያው 1942 አሜሪካውያን ቴክኒሻኖች ኤርትራ ጉራ ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላን ይጠግኑ ነበር። ከነሱ አንዱ ይዞት መጥቶ አስመራ ላይ ሸጦት ቢሄድ አይገርመኝም። አባትየውን የአስመራ መንገድ ሹፌር አድርጋቸው።

የምናለሽ ጎረቤት

ሹፌር! ይሄማ ልክ ነው። ጡቧም ከመኪና ዕቃ ጋር ትሄዳለች። ግን ታሪኩ ውስጥ ላስረዳው አልፈልግም። ጋሽ ሽኩር ያን ሁሉ አያውቁም። የሚያውቁት ያቃጠሉትን ነው።

አንባቢ ብቻ

አሁን የጻፍከው ነው ዋናው ነገር! «የሚያውቁት ያቃጠሉትን ነው።» ፈረንጁን አውጣና አቃጥለው ብቻ ይወቁት።

ብየዳ ጭስ

አይሆንም። እሳቸው ያቃጠሉት የአውሮፕላኑን ነው። አውሮፕላን ያየ ሰው መርከብ መኖሯን በምን ያውቃል? አንድ ሰው ሊነግራቸው ግድ ነው። ፈረንጅ ካልሆነ እንደ እኔ ያለ ጠጋኝ ይሁን። ግን ጠጋኝ ካወቀ 500 ብሎ ራሱ ይገዛዋል እንጂ አይነግራቸውም 😄

ሌላ ነገር፣ መርከቧ ያለችበትም አውሮፕላኑ ያለበትም የሞዴል ቁጥራቸው አንድ ነው፣ 7ጂ605። ልዩነቱ ጨርቁ ብቻ ነው። ጨርቅ ደግሞ ይቀደዳል፣ ይቀየራል። ከፎቶ ተነስቶ መርከብ ናት ማለት ይቻላል፤ አብራው የተወለደች መርከብ ናት ማለት ግን አይቻልም። እኔ ብሆን ጨርቁን ከጀርባ አያለሁ። ፊቱ 80 ዓመት ብርሃን በልቶታል፣ ጠርዙ ሥር የተደበቀው ዳር ግን ጠቆር ማለት አለበት። ሁሉም እኩል ከሆነ እጠረጥራለሁ።

ሰብለ ከሜሪላንድ

ልጆቹ ሕፃን ሆነው «ድንኳን» ብለውታል እኮ። ያኔ ጉለሌ ቤት ውስጥ ማን ቀየረው?

ብየዳ ጭስ

ከመግዛታቸው በፊት ተቀይሮ ከሆነስ? አላውቅም። ሽኩርም አያውቁም። ይሄ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ ሰውየው እርግጠኛ ሳይሆኑ ትርፉን መተዋቸው ይበልጥ ይከብዳል።

ጎንደሬው

ከርዕሱ ልውጣና፣ እኔም ቤት የአያቴ ሬዲዮ አለ። ጨርቁን አይጥ በልቶታል። ልሰካው አስቤ ይሄን ሳነብ እጄን ሰበሰብኩ። 110 መሆን አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

ብየዳ ጭስ

@ጎንደሬው ፎቶ ላክ። የገመዱን ጫፍና ጀርባውን።

ለሁሉም ልበል፤ ቮልቱ ትክክል ቢሆንም 40 ዓመት የተኛ ሬዲዮ እንዲሁ አይሰካም። ውስጡ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች እርጥበት ጠጥተዋል፣ ያፈስሳሉ። ዜኒቱን ቢያመጡልኝ መጀመሪያ ኤሌክትሪክ አላስነካውም። አምፖሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ክራቸው መያያዙን በሜትር አያለሁ። እዚህም ወጥመድ አለ። በመርፌ የሚሠራ የድሮ ሜትር በትንሹ መለኪያ ላይ ካደረግከው የሚለቀው ኃይል ያን ቀጭን ክር ራሱ ያቃጥለዋል። ሜትሩ እንደለካ አምፖሉን ገደለው ማለት ነው። ደርሶብኛል። ዲጂታሉ ይሻላል። ከዚያ ካፓሲተሮቹን እቀይራለሁ። በመጨረሻ ተራ የቤት አምፖል በመስመሩ ላይ አስገብቼ እሰካዋለሁ። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ የሚያፈስስ ነገር አለ፣ ወዲያው እነቅላለሁ።

ዕድለኛ77

እሺ ሜርኩሪውስ ይቅር፣ መርከቧ ያለችበት ስንት ያወጣል?

ሰብለ ከሜሪላንድ

አንድ ዋጋ የለውም። ክዳኑ ካለ፣ ውስጡ ካልተቆረጠ፣ መስኮት ላይ በጎማ የሚለጠፈው ተነቃይ አንቴና ካልጠፋ... እሱ አብዛኛው ጊዜ ይጠፋል። ጨርቁ ላይ የተባለውም አለ። ከ300 ብር ይበልጣል፣ ይሄን ልንገርህ።

የኮሪያ ዘማች የልጅ ልጅ

እናቴን ጠየቅኩ። አያቴ ሬዲዮውን የገዛው አዲስ አበባ ነው አለች። ከአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ። ከኮሪያ ያመጣው የእጅ ሰዓት ነው። ዓመቱን አታውቅም። «42» ያልኩት የቤቱ ቁጥር ሊሆን ይችላል 😅

የምናለሽ ጎረቤት

😂😂 ይሄ ለብቻው ልቦለድ ነው።

እንግዲህ ያሻሻልኩት ቦታ ይሄው፦

*ጥርሱን በፒንሳ ቆርጠው፣ ሽቦውን ልጠው ግድግዳው ውስጥ ወሸቁት። ከሬዲዮው ጀርባ አንድ ነገር ቦግ አለ፣ እንደ ክብሪት። ከዚያ ምንም። ቁልፉን አዞሩት። መታ መታ አደረጉት። ወታደሩ እንደሚሠራ ምሎ ነበርና ሰደቡት። የገደሉት እሳቸው መሆናቸውን ያወቁት ፈረንጁ ሳጥኑን አገላብጦ የተቆረጠውን ገመድ ሲያይ ነው። ምንም አላላቸውም። ገመዱን ብቻ በጣቱ ያዘው።*

ቡናውንም እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ *«ሌላ ቤት ሬዲዮ እስኪሞቅ ይጠበቃል። የእኛው ቁልፉ ሲዞር ቶሎ ያወራ ነበር። አባባ በዚያ ይኮራ ነበር።»* ጋሽ ሽኩር ይህን ሲሰሙ ይበልጥ ያውቁታል።

ብየዳ ጭስ

አሁን ሆነ! ያቺ የመጨረሻዋ ምልክት ከፎቶው ትበልጣለች። ልጅቷ ሳታውቅ ነገረቻቸው።

አንባቢ ብቻ

ፈረንጁን ባለበት ተቀብዬዋለሁ፣ ዝም ስላለ። ግን መጨረሻውን ንገረን። ወንድምየው ስልኩን አነሳ?

የምናለሽ ጎረቤት

አላውቅም። ሦስት መጨረሻ ጽፌ ሦስቱንም ሰረዝኩ። ሲያነሳው ጋሽ ሽኩር ጀግና ሆኑብኝ፣ ሳያነሳው ደግሞ ለማስለቀስ የጻፍኩት መሰለ።

ሰብለ ከሜሪላንድ

እኔ እንደሆነ መብራት ጠፍቶበታል ብዬ ነው የጨረስኩት። አዲስ አበባ አይደል?

ጎንደሬው

@ብየዳ ጭስ ፎቶው ይኸው። ብዥ ብሏል፣ ይቅርታ፤ የልጄ ስልክ ነው።

ብየዳ ጭስ

ጥርሱ ክብ ነው። ፊሊፕስ ይመስለኛል። ጀርባው ላይ፣ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ፣ ቁጥር የተጻፈበት የሚዞር ነገር አለ? 110፣ 127፣ 220 የሚል? ቀስቱ የት ላይ እንደቆመ አይተህ ንገረኝ። እስከዚያ ገመዱን ጠቅልለህ አስቀምጥ።

ጎንደሬው

አለ። 127 ላይ ነው።

ብየዳ ጭስ

እንዳትሰካው።